ያልታረመው ክፍተት

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሞጣ ዋጋ ይመጣልኝ ነበር። የባጃጅ ጎማ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የሶላር መብራት። ሦስቱም ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው። ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ጠይቆ በስልክ የሚጽፍልኝ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነበር። አብረን ኢኮኖሚክስ ተምረን እኔ ማስተማር ቀጠልኩ፣ እሱ ሞጣ ተመልሶ ከአባቱ ጋር የመለዋወጫ ሱቅ ያዘ። ከዋጋው ሥር አንድ ነገር ሳይጨምር አይልክም። «ዶክተር ስትሆኚ ጎማ በቅናሽ፣ እስከዚያ ግን በደረሰኝ» ይለኛል። ባጃጅ የለኝም፤ ስለ ቅናሹ ግን ስሟገተው ውዬ አድራለሁ።

ዶክተር የመሆኔ ነገር በአንድ ጥናት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ትምህርት ክፍሌ የመጨረሻውን ማራዘሚያ ሰጥቶኛል፤ አንድ ጽሑፍ በመጽሔት ካላሳተምኩ ማዕረጉ ይቀራል፣ የለፋሁበት ዘመን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ጽሑፉ ሲወጣ ከስሜ ቀጥሎ የሱ ስም እንዲሆን ቃል ገብቼለታለሁ። አባቱ ይህን ሰምተው ለጎረቤት ሁሉ አውርተዋል።

ጥናቱ ስሙ ያስፈራል እንጂ ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ነው። ዶላር በብር ሲወደድ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ምን ያህል ይወደዳል? በስንት ጊዜስ? ችግሩ ሁለት ነገሮች ዝም ብለው ወደ ላይ ሲወጡ ዘመዳሞች መምሰላቸው ነው። ልጅ ሳለሁ የኔ ቁመትና የጤፍ ዋጋ አብረው ያድጉ ነበር፤ ግን ጤፍ የተወደደው እኔ ስለረዘምኩ አይደለም። ስለዚህ የሚፈተነው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ እንደወጣ የሚቀር ከሆነ ዝምድናው የውሸት ነው። እየራቀ እየራቀ የሚመለስ ከሆነ ግን የማይታይ ገመድ አለ ማለት ነው፤ ይህን ነው ኮኢንተግሬሽን የምንለው። ከዚያ የስህተት ማረሚያው ሞዴል ይመጣል፤ እሱ የሚነግረን ክፍተቱ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚዘጋ ነው።

ይህን ሳስረዳው ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ይሄን ለማወቅ ነው ይህን ያህል ዓመት የተማርሽው? በአሮጌው ዶላር የገባ ጎማ መደርደሪያዬ ላይ እስካለ ድረስ እንዳሻኝ ልቆልል አልችልም፤ ጎረቤቴ ይሸጥብኛል። ሲያልቅና አዲስ ሳመጣ ነው ቀስ እያልኩ የምሰቅለው» አለ።

ቁጥሩም የሱን ቃል ነው ያወጣው። ዶላር በመቶ አሥር ሲወጣ፣ ውሎ አድሮ ዋጋው በመቶ ስምንት ግድም ይወጣል። ክፍተት ሲፈጠር ደግሞ በየሳምንቱ ከአሥር እጅ አንዱ ይዘጋል፤ ግማሹ እስኪዘጋ ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ስነግረው «አሥር ሲወጣ ስምንት!» እያለ ለአባቱ ለሐጂ ጮኾ ነገራቸው። በስልኩ ውስጥ የሐጂ ሳቅ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣና መንገዱ ተዘጋ።

ዩኒቨርሲቲው ተማሪ በተነ፣ እኔም ቢቸና እናቴ ቤት ገባሁ። ኔትወርክ አንድ ሰሞን ይጠፋል፣ ብቅ ሲል የተጠራቀመው መልእክት ይንጫጫል። ያ ሁሉ ሲሆን የሞጣው ዋጋ አልተቋረጠም። ሲዘገይም ሁለት ሦስቱ ቅዳሜ ተደርቦ ይመጣል። «እሰይ የኔ ጀግና!» አልኩ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ አንድ መኪና ሳይገባ፣ እሱ ዞሮ ይጠይቅልኛል ብዬ።

ግን ቀልዱ ቀረ። ሦስት ቁጥር ብቻ። ሰላምታ የለም፣ ስድብ የለም።

እናቴ ማንበቢያ መነጽሯን አድርጋ ስልኬን ተቀብላ አየችው። «ይሄ ልጅ ምን ነካው?»

«ጊዜው ነዋ እማዬ። ማን የሳቀ አለ?»

«ጊዜው ሰላምታ አይከለክልም» አለችና ስልኩን አርቃ አስቀመጠችው። «ሰው ሰላም ሳይል እንዴት ቁጥር ይልካል? እኔ አልወደድኩትም።»

ደወልኩለት። ይጠራል፣ አይነሳም። ሌላ ቀን ደወልኩ፣ አይነሳም። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ተነሳ። «አንተ! አለህ?» አልኩ። መልስ የለም። ሰው ግን ነበር፤ ትንፋሽ ይሰማኛል። ከትንፋሹ ኋላ ሬዲዮ ይናገራል። ጋዜጠኛዋ የውጭ ገንዘቦችን ምንዛሪ እየዘረዘረች ነው፤ መግዣ፣ መሸጫ፣ መግዣ፣ መሸጫ። «እረ ተናገር!» ብዬ ጮኽኩ። ሴትዮዋ ዶላርን ስትጨርስ ስልኩ ተዘጋ። በጠራራ ፀሐይ ደጅ ቆሜ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ኔትወርክ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በዚያ ጊዜ ሁሉንም በኔትወርክ ነበር የምናሳብበው።

ብሩ በገበያ ይመራ ተብሎ የባንኩ ዶላር የዘለለው በዚያው ወራት ነው። የዚያን ቅዳሜ ከሞጣ የመጣው ዋጋም ዘለለ። ሦስቱም ዕቃዎች አብረው፣ በዚያው ሳምንት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጥናቴ ላይ አንድ ትልቅ ማስረጃ ተጨመረልኝ። ጽሑፉን ጨርሼ ላክሁት።

መጽሔቱ አልጣለውም። ገምጋሚው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ግንኙነቱን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ገምቺ፣ ቁጥሮቹን እንዳሉ ይዘሽ በኋለኞቹ ሳምንታት ክፍተቱ እንዴት እንደሚሄድ አሳዪን፣ ዝምድናው ጸንቶ እንደሆነ እንድናይ። ደግ ጥያቄ ነው። እኔም ለተማሪዎቼ የማዘው ነው።

እናቴ ግቢው ውስጥ በርበሬ እያሰጣች እኔ በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ሠራሁት። የክፍተቱ መስመር በመጀመሪያው አጋማሽ እንደ ደንቡ ይዋልላል፤ ከዜሮ በላይ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ መንገዱ ከተዘጋ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። ዋጋው ባንኩ ከሚለው ዶላር አንጻር በመቶ ስድስት ያህል በልጧል፤ ዕቃ ስለጠፋ ይሆናል። ከዚያም መመለስ ሲገባው ቆመ።

ዜሮ ላይ ቢቆም እኮ ባልደነገጥኩ። ከዜሮ በላይ፣ የተሰቀለበት ቦታ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ደርቆ ቀረ። በብር ከማጠጋጋት የመጣች ትንሽ መንቀጥቀጥ ብቻ ናት ያለችበት። ሳምንት ይሄዳል፣ ሳምንት ይመጣል፣ ክፍተቱ አይሰፋም፣ አይጠብም። ከአሥር እጅ አንዱ የት ሄደ? ማን ያዘው?

ሦስቱን ዕቃ ለየብቻ አየሁ። ዱሮ ጎማ ሲወጣ ባትሪ ድንጋይ ባለበት ይቆያል፣ ሶላር ይወርዳል። ከዚያች ሳምንት ወዲህ ግን ሦስቱም በአንድ ልክ ይራመዳሉ። ዶላር አሥር ሲወጣ ስምንት። ሁልጊዜ፣ ያለ አንዳች መዘግየት፣ ስምንት።

ቢቸና ያሉት ሱቆች ሄጄ ጠየቅሁ። የከፈቱት ጥቂቶች ናቸው። ጎማ አንዱ ጋ ከባንኩ ዶላር ዝላይ በፊት የነበረው ዋጋ ላይ ነው፤ ሌላው ጋ ጭራሽ የለም። ባለሱቁ «ዶላሩ ዘለለ ብለሽ ነው? እኛ ጋ እኮ በጓሮ ገበያ ከዘለለ ቆይቷል» ብሎ ሳቀብኝ። እዚህ ገበያው እንደ ሰው ይወላገዳል። ሞጣ ላይ ግን የኔ ቀመር በእግሩ እየሄደ ነበር። የጻፍኩት ነገር ሕይወት ዘርቶ መልሶ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ መሰለኝ፣ ፈራሁም።

የሰው እጅ መሆኑን ያወቅሁት ዶላሩ የዘለለበትን ቅዳሜ ስመረምር ነው። ቀመሬ የሚሠራው በሎጋሪዝም ነው፤ ለውጡ ትንሽ ሲሆን ሎጋሪዝምና የመቶኛ ስሌት ያው ናቸው፣ ሲተልቅ ግን ይለያያሉ። በዚያች ሳምንት ደረቁ መስመር አንዲት ትንሽ እርከን ይወጣና እንደገና ይደርቃል። የእርከኗን ቁመት ለካሁት። በመቶኛ ያሰላ ሰው የሚያመጣት ልዩነት ራሷ ናት። ገበያ እንዲህ አያሰላም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የምንዛሪውን ጭማሪ በስምንት እያባዛ ለአሥር እያካፈለ ነበር።

«አሥር ሲወጣ ስምንት» የሚለውን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። «ዋጋ እየፈበረክ ነው የምትልክልኝ? ሰነፍ! ሁለታችንን ነው የቀበርከን፤ ከአሁን በኋላ ባትልክ ይሻላል» ብዬ ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም። ቅዳሜ ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ሦስት ቁጥር።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል መጀመሪያ በወጣው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንደርስ ድረስ በልቤ ስሰድበው ነበር። ሱቁ ጋ ስደርስ መዝጊያው ግማሽ ድረስ ወርዷል። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሐጂ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ ከጎናቸው ሬዲዮ አለ። ሲያዩኝ ተነሡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር የያዝኩትን ስድብ ሁሉ አስረሳኝ።

«ልጄ፣ እንዴት መጣሽ? ማን ላከሽ?»

«ማንም። እሱ የት አለ ሐጂ?»

«ወጣ ብሏል» አሉኝ። ሬዲዮውን ዘጉት። «አንቺ ደክሞሻል። ቤት እንሂድ፣ ምሳ ብዪ።»

ቤት ሄድን። እህቶቹ አቅፈው ሳሙኝ፣ ከልክ በላይ ሳሙኝ። እህል ቀረበ። «ብዪ እንጂ፣ አፈር ስሆን» ይሉኛል፤ እነሱ ግን አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ። እሱን ስጠይቅ «ይመጣል» ይላሉ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ሁሉም መሬት እያዩ። ጫማው በሩ ሥር የለም። ሲመሽ «ነገ ይደርሳል፣ አንቺ ተኚ» ተባልኩ። እኔ አገሬ ጎጃም ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሰውየው እህል ቀምሶ፣ አርፎ፣ ማለዳ፣ ከብቦት የሚይዘው ሰው ባለበት ነው። አውቄ ተኛሁ፤ ያችን ሌሊት እሱ ገና በሕይወት እንዳለ ለማሳደር ነው መሰለኝ አንድም ጥያቄ ሳልጨምር የተኛሁት።

ሊነጋጋ ሲል የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤት ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ሐጂ ከፊት። አንዷ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኽኩ።

ሆዱን አሞት ነበር አሉኝ። ሐኪሙ ቶሎ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፣ ባሕር ዳር ውሰዱት ብሎ ጻፈ። መንገድ የለም። መንገዱ ከተዘጋ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የትኛዋ ሳምንት እንደሆነች አልጠየቅሁም። መስመሩ የደረቀባት ናት።

ረፋዱ ላይ ሐጂ ሱቁ ይዘውኝ ሄዱ። ዓይኔ አብጧል፣ የሳቸውም። መዝጊያውን ሙሉ ለሙሉ ከፈቱት። ጎማዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ በላያቸው በጠመኔ የሱ እጅ ጽሕፈት፣ የመጨረሻው ዋጋ።

«ከዚያ ወዲህ አልሸጥንም» አሉ። «መርዶ በስልክ አይነገርም ልጄ። ዘመድ አይደለሁም አትበይኝ፣ ላንቺም ቢሆን አይነገርም። መንገድ ሲከፈት ሰው እልካለሁ አልኩ። እስከዚያ ዋጋው ቢቀር ትጠረጥሪያለሽ፣ ብቻሽን ትሰሚያለሽ። ደግሞ ጥናታችሁ ይበላሻል። ያ ስሙ የሚወጣበት። ስለዚህ ዶላሩን ከሬዲዮ እየሰማሁ አሥር ሲወጣ ስምንት እያልኩ ላክሁልሽ። የደወልሽ ዕለት አንስቼ ድምፅ አጣሁ። ስድብሽንም አይቼዋለሁ።»

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ለምን? እሱን እኮ ነው የሰደብሽው፤ እሱም ቢሆን ይስቅ ነበር።» ጠመኔው ወደተጻፈበት ጎማ ዘወር አሉ። «ልክ ነበር ግን? ስሌቱ አልተሳሳተም?»

ምን ልበላቸው? አዎ ብላቸው ጥናቱ ያልፍልኛል፤ ማንም አያውቅም። ገምጋሚውም በጸናው ግንኙነት ይደሰታል። ሐጂም ልጄን አደረስኩት ብለው ያርፋሉ። እንባዬ መጣ፣ ከእንባው ጋር ደግሞ ያ ክፉ ግትርነቴ።

«አልተሳሳተም ሐጂ። ችግሩ እሱ ነው። ገበያ ይሳሳታል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይታረማል፤ እኛ የምናጠናው ያንን ነው። እሱ ሲሄድ ዋጋው ከፍ ብሎ ነበር። መውረድ ነበረበት። የርስዎ አልወረደም፤ እዚያው ነው የቆመው። የላኩልኝን ሁሉ ከጥናቱ ላስወጣው ነው። ጥናቱ ይጎድላል፣ ምናልባት አይወጣም።»

 ሐጂ እጃቸውን ጎማው ላይ አሳረፉ፣ ጠመኔውን ሳይነኩ።

«እኔ አልነካሁትም» አሉ። «እሱ እንደተወው ነው ያቆየሁት።»

 እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ። እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ፣ አልቅሰን ስንጨርስ አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ጠርገው «ታዲያ ዛሬ ስንት ነው ጎማ?» ብለው ጠየቁኝ፣ እኔን፣ ከቢቸና የመጣሁትን።

«እኔ ምን አውቄ! ነጋዴው እርስዎ።»

«እኔም አላውቅ» አሉ፣ ራሳቸው የገረማቸው መሰሉ።

ቢቸና ተመልሼ የሳቸውን ሳምንታት በሙሉ አወጣኋቸው። ሥዕሉ ላይ መስመሩ ተቆርጦ ባዶ ቦታ ይታያል። ግንኙነቱ በቀረው ውስጥ አለ፣ ግን ደክሟል፤ ፈተናውን የሚያልፈው ልል በሆነው መስፈርት ብቻ ነው። ለመጽሔቱ እውነቱን ጻፍኩ፤ በትሕትና መለሱልኝ፣ አልተቀበሉትም። ትምህርት ክፍሌም ማራዘሚያው እዚህ ላይ አበቃ አለ። እናቴ «ዶክተር ሳትሆኚስ የኔ ልጅ አይደለሽም?» ብላ ተቆጣች። ነኝ፣ ግን ያንገበግበኛል። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ላይ ግን ስልኬ ጮኸ፣ ከሞጣ። በሱ ቁጥር።  ከፈትሁት።

«ልጄ እንዴት አለሽ፣ እናትሽስ። ዞሬ ጠየቅሁ። ጎማ ወርዷል፣ አንዱ ሱቅ ግን አልወረደም ይላል፣ ውሸታም ነው አትመኚው። ባትሪ ድንጋይ የለም። ሶላሩ ተወዷል፣ ለምን እንደሆነ አላህ ይወቅ። የኛን ጎማ ጠመኔ ጠረግሁት።»

ከሥሩ የተጻፉትን ዋጋዎች ይዤ ላፕቶፔን ከፈትሁ። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያትመው መጽሔት የለም፣ የሚጠብቀው ኮሚቴ የለም። ከባዶው ቦታ ማዶ አዲሷን ነጥብ አስገባኋት። ክፍተቱን አሰላሁት።

ወርዷል።